የፕላስቲክ ማፍሰሻ ቱቦ አገጣጠም፦ ፕራይመርና የመጠንከሪያ ጊዜ ለምን ያስፈልጋሉ?

መግቢያ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በሐብሩ ወረዳ፣ በመርሳ አካባቢ የሚገኙ አንዳንድ ገበሬዎች ሌሊት የሚወርደውን የመስኖ ውሃ በአፈር ግድብ በታጠረ ኩሬ አጠራቅመው ቀን ሽንኩርትና ቲማቲም ያጠጡበታል። ውሃውን ከኩሬው ለማውጣት በግድቡ ሥር የሚያልፍ ማፍሰሻ ቱቦ ይቀበራል። ለዚህ ሥራ ከገበያ የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ 110 ሚሊሜትር ስፋት ያለው፣ ቁመቱ 6 ሜትር የሆነ የፒቪሲ ቱቦ ነው። ግድቡ ከታች ሰፊ ስለሆነ አንድ ቱቦ አይበቃም። ስለዚህ ሁለት ቱቦዎች በማገናኛ ይቀጠላሉ፤ ቅጥያውም በግድቡ ሆድ ውስጥ ይቀራል።

ቅጥያው ቢያፈስ የሚጠፋው ውሃ ብቻ አይደለም። ከቱቦው የሚወጣው ውሃ የግድቡን አፈር ከውስጥ እየሸረሸረ ይዞ ይወጣል። በመጨረሻ ግድቡ ይናዳል፤ ከበታቹ ያለው ማሳም በአንድ ሌሊት በጎርፍ ይወሰዳል። ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው ቅጥያው በምን ዓይነት መንገድ እንደሚያዝ፣ ሠራተኞች ቸኩለው የሚዘሏቸው ሁለት ነገሮች፣ ማለትም ፕራይመሩና የመጠንከሪያው ጊዜ፣ ምን ሥራ እንዳላቸው ነው።

ባንድ ኩሬ ላይ የደረሰው

ከመርሳ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ማሳ 2 ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ ሲሠራ ማፍሰሻውን የዘረጋነው እኛው ነበርን። ቱቦው በጠቅላላው 12 ሜትር ሲሆን አንድ ቅጥያ በመካከሉ ነበረው። ሥራው የተሠራው በግንቦት ወር ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ነው። ቱቦዎቹ ከጠዋት ጀምሮ በፀሐይ ላይ ተጋድመው ስለነበር በእጅ ለመያዝ ያቃጥሉ ነበር። ፕራይመር ስላልነበረን የቱቦውን ጫፍ በቤንዚን በተነከረ ጨርቅ ጠረግነው። ኮላውን ቀብተን፣ ማገናኛውን ፈልገን እስክናመጣ ጥቂት ደቂቃ ቆይተን አስገባነው። ወዲያውኑም አፈር መልሰን ጠቀጠቅነው። በዚያው ዕለት ማታ ውሃው ወደ ኩሬው ተለቀቀ።

በአምስተኛው ቀን የማሳው ባለቤት በግድቡ የውጭ ጎን ላይ እርጥበት አዩ። መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ ጥርት ያለ ነበር። በማግሥቱ ግን ደፈረሰ። አዛውንቱ ጠርተው ካሳዩን በኋላ፣ “ልጆቼ፣ ጥርት ያለ ውሃ ላብ ነው፤ የደፈረሰው ግን ግድቡን እየበላ ነው” አሉን። ትክክል ነበሩ። የደፈረሰ ውሃ አፈር ተሸክሞ እንደሚወጣ ያመለክታል። ኩሬውን አፍስሰን ግድቡን ስንቆፍር ቱቦው ከማገናኛው ውስጥ ከ1 ሴንቲሜትር በላይ ተንሸራቶ ወጥቶ አገኘነው። ማገናኛውን በመጋዝ ለሁለት ከፍለን ስናየው ኮላው እንደ ስስ ቆዳ ሆኖ ከቱቦው ላይ ተላቀቀ። ከሥሩ የነበረው የቱቦው ገጽ ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ያብረቀርቅ ነበር። ይህም ኮላውና ቱቦው ፈጽሞ እንዳልተዋሐዱ አረጋገጠልን።

ኮላው የሚሠራው እንዴት ነው?

የፒቪሲ ኮላ ብለን በልማድ ብንጠራውም ወረቀት እንደሚያጣብቀው ኮላ አይደለም። በጣሳው ውስጥ ያለው ፕላስቲክ የሚያሟሙ ፈሳሾች ድብልቅ ሲሆን፣ በውስጡም ራሱ የፒቪሲ ዱቄት ሟሙቶ ይገኛል። ከፈሳሾቹ ዋና ዋናዎቹ ቴትራሃይድሮፍዩራንና ሳይክሎሄክሳኖን የሚባሉት ናቸው።

ፒቪሲ በጣም ረጃጅም የሆኑና እንደ ክር የተወሳሰቡ ሰንሰለቶች ክምችት ነው። አሟሚው ፈሳሽ ወደ ገጹ ሲሰርግ በሰንሰለቶቹ መካከል ይገባና ያላላቸዋል፤ ገጹም ያብጣል፣ ይለሰልሳል። የቱቦውና የማገናኛው ገጾች ሁለቱም ለስልሰው ሲጫኑ የአንዱ ሰንሰለት ከሌላው ጋር ይጠላለፋል። ከዚያ ፈሳሹ ቀስ በቀስ ተንኖ ሲወጣ የተጠላለፈው ሰንሰለት እንደገና ይጠነክራል። በመጨረሻ በመካከል ኮላ የሚባል ነገር አይቀርም፤ ሁለቱ ፕላስቲኮች አንድ ፕላስቲክ ይሆናሉ። ስለዚህ ሥራው ከማጣበቅ ይልቅ ብረት ከመበየድ ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ በእሳት ፈንታ ፈሳሽ መጠቀሙ ነው።

ሸክላ ሠሪ በእንስራ ላይ ጆሮ ስትቀጥል ይህንኑ ታደርጋለች። ሁለቱን ወገን በውሃ ታረጥባለች፣ ትፍቃለች፣ በቀጭን ጭቃ ለቅልቃ ትጫናለች። ከዚያም ሳታነካካ በጥላ ታደርቀዋለች። ገጹ በደረቀ እንስራ ላይ እርጥብ ጆሮ ብትለጥፍ ሲደርቅ ይወድቃል። በእኛ ሥራ ገጹን የሚያረጥበው ፕራይመሩ ነው፤ ቀጭኑ ጭቃ ኮላው ነው፤ በጥላ ማድረቁ ደግሞ የመጠንከሪያው ጊዜ ነው።

የፕራይመር ጥቅም

ፕራይመር የፒቪሲ ዱቄት የሌለበት፣ እንደ ውሃ የቀጠነ አሟሚ ፈሳሽ ነው። ብዙውን ጊዜ ሐምራዊ ቀለም ይጨመርበታል። ቀለሙ የተጨመረው መቀባቱና አለመቀባቱ ከውጭ እንዲታይ ነው።

ፕራይመር ሁለት ሥራ ይሠራል። የመጀመሪያው ቱቦው ሲሠራ በገጹ ላይ የቀረውን የሚያብረቀርቅ ሽፋንና የእጅ ቅባት ማንሣት ነው። ሁለተኛውና ዋናው ኮላው ከመምጣቱ በፊት ፕላስቲኩን ማለስለስ ነው። ኮላው ወፍራም ስለሆነ ወደ ፕላስቲኩ ዘልቆ ለመግባት ጊዜ ይወስዳል። በመርሳ የቀን ሙቀት ግን ይህን ያህል ጊዜ አያገኝም፤ ሳይዘልቅ ላዩ ይደርቃል። ፕራይመር አስቀድሞ በሩን ከከፈተለት ኮላው የሚያርፈው በለሰለሰ ገጽ ላይ ነው።

ቤንዚን ፕራይመርን ሊተካ አይችልም። ቤንዚን ፒቪሲን አያሟማም፤ ጭራሽ የቅባት ፊልም ትቶ ሊሄድ ይችላል። እኛ ያገኘነው የሚያብረቀርቅ ገጽ የዚህ ውጤት ነበር። ፕራይመርን ወደ ኮላው ጨምሮ የጎለደፈን ኮላ ማቅጠንም ተገቢ አይደለም። እንደ ንፍጥ የተጓጎለ ኮላ አሟሚው ያመለጠው ስለሆነ መጣል አለበት።

ፕራይመሩ መሥራቱን በቀላሉ ለማወቅ ቁራጭ ቱቦ ወስዶ መቀባትና በቢላዋ ጫፍ መፋቅ ነው። ቢላዋው ስስ የለሰለሰ ንብርብር ማንሣት ከቻለ ገጹ ተዘጋጅቷል ማለት ነው። ካልለሰለሰ እንደገና መቀባት ያስፈልጋል። በወልድያ በብርድ ጠዋት አንድ ጊዜ መቀባት ብዙ ጊዜ አይበቃም።

የመጠንከሪያ ጊዜ

እዚህ ላይ ሁለት ጊዜዎችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ቅጥያው ራሱን ችሎ እስኪይዝ ድረስ ሳይነካ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ሁለተኛው አሟሚው ወጥቶ ሙሉ ጉልበት እስኪያገኝ የሚጠበቅበት ጊዜ ነው። ለ110 ሚሊሜትር ቱቦ በተለመዱት የኮላ ሠንጠረዦች መሠረት አየሩ ከ16 እስከ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን የመጀመሪያው ጊዜ 30 ደቂቃ ያህል ነው። አየሩ ከ5 እስከ 16 ዲግሪ ሲሆን ግን 2 ሰዓት ይሆናል። ብርድ ጊዜውን አራት እጥፍ አደረገው ማለት ነው። አየሩ እርጥበት ከበዛበት ደግሞ የመጠንከሪያውን ጊዜ በግማሽ መጨመር ይመከራል። በኮላው ጣሳ ላይ ከዚህ የተለየ ከተጻፈ መከተል ያለብን ጣሳውን ነው።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ነገር ኮላው ከውጭ ደርቆ፣ ሽታውም ቀንሶ መታየቱ ነው። ቴትራሃይድሮፍዩራን በ66 ዲግሪ ስለሚፈላ በፍጥነት ተንኖ ይሄዳል። ሳይክሎሄክሳኖን ግን የሚፈላው በ156 ዲግሪ ስለሆነ ይዘገያል። በዚያ ላይ በቱቦውና በማገናኛው መካከል የተዘጋው ፈሳሽ መውጫው ጠባብ ነው፤ በፕላስቲኩ ውስጥ ሰርጎ መውጣት አለበት። ስለዚህ ከውጭ የሚታየው ጠርዝ ድንጋይ መስሎ ሳለ ውስጡ ገና ለስላሳ ይሆናል።

በዚህ ለስላሳ ጊዜ ቅጥያውን የሚስበው ምንድን ነው? በኩሬያችን ላይ የሳበው ቱቦው ራሱ ነበር። ፒቪሲ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲቀንስ እያንዳንዱ ሜትር 0.07 ሚሊሜትር ያህል ያጥራል። ቱቦው በፀሐይ ላይ ሳለ ወደ 50 ዲግሪ፣ ማታ የገባው ውሃ ደግሞ ወደ 20 ዲግሪ ነበር ብንል ልዩነቱ 30 ዲግሪ ነው። 12 ሜትር ቱቦ በ30 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 12 × 30 × 0.07 = 25 ሚሊሜትር ያህል ማጠር ይፈልጋል። የተጠቀጠቀው አፈር ሁለቱን ጫፎች ስለያዛቸው ቱቦው ሊያጥር የቻለው ከመካከል ብቻ ነው። በመካከል ያለው ደግሞ ያልጠነከረው ቅጥያ ነበር። አፈሩ የተወሰነውን ባይዝልን ኖሮ መንሸራተቱ ከዚያም ይበልጥ ነበር።

እንግዲህ በመርሳና በወልድያ ያለው አደጋ አንድ ዓይነት አይደለም። መርሳ ዝቅ ያለና ሞቃት ስለሆነ ኮላው ከመግባቱ በፊት ይደርቃል። ወልድያ ከፍ ያለና ቀዝቃዛ ስለሆነ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ኮላው ከገባ በኋላ ሳይጠነክር ብዙ ይቆያል። በመርሳ መፍትሔው ጥላና ቅልጥፍና ሲሆን በወልድያ ትዕግሥት ነው።

አሠራሩ

ማፍሰሻውን ሁለተኛ ጊዜ ስንሠራ የተከተልነው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

1. ቱቦዎቹን ከዋዜማው ጀምሮ በጥላ አስቀመጥን። ሥራውንም ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ጀመርን። የቱቦው ገጽ ከ43 ዲግሪ በላይ ከሞቀ መቀባት አይገባም፤ ይዘን መቆየት ካልቻልን በጣም ሞቋል ብለን እንወስዳለን።

2. ቱቦውን በመጋዝ ቀጥ አድርገን ቆረጥን። የመጋዙን ፍርፋሪ ከውስጥም ከውጭም በቢላዋ አነሣን፤ የውጭውን ጠርዝ በሞረድ ትንሽ አሾልነው። ጠርዙ ስለት እንደሆነ ከቀረ ሲገባ ኮላውን እየጠረገ ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

3. ሳይቀባ አስገብተን ለካን። የማገናኛው አፍ ወደ ውስጥ እየጠበበ የሚሄድ በመሆኑ ደረቁ ቱቦ ከጥልቀቱ ከአንድ ሦስተኛ እስከ ሁለት ሦስተኛ ድረስ በቀላሉ ገብቶ መያዝ አለበት። ምንም ሳይዝ እስከ መጨረሻው የሚወድቅ ከሆነ ክፍተቱ በዝቷልና ሌላ ማገናኛ መፈለግ ይሻላል። ከዚያ የአፉን ሙሉ ጥልቀት በቱቦው ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግን።

4. ሁለቱን ገጾች በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ጠረግን። ፕራይመሩን በመጀመሪያ በማገናኛው ውስጥ፣ ቀጥሎ በቱቦው ላይ ከምልክቱ ትንሽ አልፈን፣ በመጨረሻ እንደገና በማገናኛው ውስጥ ቀባን።

5. ፕራይመሩ ሳይደርቅ ኮላውን አስከተልን። 5 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ባለው ቡርሽ በቱቦው ላይ ወፈር አድርገን፣ በማገናኛው ውስጥ ስስ አድርገን፣ ከዚያ በቱቦው ላይ አንድ ጊዜ ደግመን ቀባን። በማገናኛው ውስጥ ኮላ ማብዛት ጎጂ ነው። የተጠራቀመው ኮላ ወደ ቱቦው ውስጥ ፈስሶ ግድግዳውን ያለሰልሰዋል።

6. ሳንዘገይ ቱቦውን እስከ ምልክቱ አስገባን፤ ስንገፋም ሩብ ዙር አዞርነው። ከዚያ ሳንለቅ 30 ሰከንድ ያህል ያዝነው። የማገናኛው አፍ ጠባብ ስለሆነ ቱቦው ካልተያዘ ወደ ኋላ ተመልሶ ይወጣል። ይህን ሥራ ሁለት ሰው ቢሠራው ይመረጣል፤ አንዱ ማገናኛውን ሲቀባ ሌላው ቱቦውን ይቀባል።

7. በጠርዙ ዙሪያ ሳይቋረጥ የወጣውን የኮላ ቀለበት ተመልክተን ትርፉን ጠረግን። ቀለበቱ ባንድ በኩል ከተቋረጠ በዚያ በኩል ኮላ አልደረሰም ማለት ነው። ይህን ከላይ በመለቅለቅ ማዳን አይቻልም።

ከዚያ ቅጥያውን ለግማሽ ሰዓት ማንም አልነካውም። ሽታው ወደ ውጭ እንዲወጣ የቱቦውን ሁለት ጫፎች ክፍት ተውን። የአሟሚው ትነት በቱቦ ውስጥ ታፍኖ ከቆየ ግድግዳውን ያዳክማል። ትነቱ እሳት ስለሚይዝና ራስ ስለሚያዞር በሥራው ቦታ ሲጋራ አይጨስም፤ በተዘጋ ጉድጓድ ውስጥም መቀባት አይገባም።

ሙከራና ቀብር

በማግሥቱ፣ 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ አፈር ሳንመልስ ሞከርነው። ባንድ በኩል ጎሚቶ አዙረን 3 ሜትር ቱቦ ወደ ላይ አቆምን፤ ሌላውን ጫፍ በውታፍ ዘጋን። ውሃ ሞልተን 15 ደቂቃ ጠበቅን። ውሃው ካልወረደና ቅጥያው ደረቅ ከሆነ አልፏል ማለት ነው። ሙከራው ቀላል መስሎ መታየት የለበትም። የ110 ሚሊሜትር ቱቦ አፍ ስፋት 95 ካሬ ሴንቲሜትር ስለሆነ 3 ሜትር ውሃ ውታፉን ወደ 29 ኪሎ በሚሆን ጉልበት ይገፋዋል። ስለዚህ ውታፉንና ጎሚቶውን በችካል መደገፍ ያስፈልጋል። ቱቦውን በታፈነ አየር መሞከር ግን ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ከፈነዳ ስብርባሪው ሰው ይጎዳል።

አፈሩን የመለስነው ጠዋት፣ ቱቦው ቀዝቅዞ ሳለ ነው። ቱቦው ሲቀበር ለውሃው የቀረበ ሙቀት ካለው በኋላ የሚያጥርበት ምክንያት አይኖርም። ኩሬው ውሃ የተቀበለው ከተቀባ ከ48 ሰዓት በኋላ ነው። መዝጊያውንም ከታችኛው ጫፍ አንሥተን በኩሬው በኩል አደረግነው። የማፍሰሻ ቱቦ ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሌት ተቀን ውሃ ተሞልቶ እንዲቆይ አልተሠራም።

የማይሠራበት ሁኔታ

ይህ አሠራር የሚያገለግለው ለፒቪሲ ብቻ ነው። ለመስኖ የሚዘረጋው ጥቁር የፖሊኢትሊን ጎማና ለቤት ውሃ የሚያገለግለው ፒፒአር ቱቦ በዚህ ፈሳሽ አይሟሙም፤ ቢቀቡም ኮላው ይላጣል። እነርሱ የሚቀጠሉት በሙቀት ወይም በሚጠብቅ ማያያዣ ነው። ለመለየት ከቱቦው ትንሽ ቁራጭ ቆርጦ በባልዲ ውሃ ውስጥ መጣል ነው። ፒቪሲ ከውሃ ስለሚከብድ ይሰምጣል፤ ሁለቱ ግን ይንሳፈፋሉ።

አንድ ጊዜ የተንሸራተተ ቅጥያም እንደገና ተቀብቶ አይመለስም። የደረቀው ኮላ መጠኑን አበላሽቶታልና በሁለቱም በኩል ተቆርጦ ይወጣል፤ በቦታው አዲስ ቁራጭና ሁለት አዲስ ማገናኛዎች ይገባሉ። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው።

አዲስ ጣሳ ስንከፍት በመጀመሪያ በቁራጭ ቱቦና በአንድ ማገናኛ ላይ እንሞክረዋለን። ከሁለት ቀን በኋላ በመጋዝ በቁመቱ እንሰነጥቀዋለን። በቱቦውና በማገናኛው መካከል መስመር ካልታየና በቢላዋ ሊላቀቁ ካልቻሉ ኮላውም አቀባባችንም ደህና ናቸው። ስስ ቆዳ ሆኖ ከተላጠ ደግሞ ስሕተቱ የታወቀው በግድቡ ሆድ ውስጥ ሳይሆን በእጃችን ላይ ነው።